የተኛ ገብስና የሞተ ገብስ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ባዶውን የተቀመጠ ወንበር

የዛሬ የገብስ፣ የባቄላና የምስር ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት ተለጥፏል። ይሄኛው ዋጋ አይደለም፣ የግሌ አስተያየት ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ የቢራ ገብስ የምትገዙና የምትሸጡ፣ በተለይ የዩኒየን ሰዎች፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ። የሚጠይቁኝ ነጋዴዎችና የማኅበር ሊቀመንበሮች ናቸው። «ልጄ በእፅዋት ሳይንስ ተመርቆ ቤት ተቀምጧል፣ ምን ብመክረው ይሻላል?» ይሉኛል። እስከዛሬ ሲሰጥ የኖረው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ለአምስት ተደራጅተው በግ ያደልቡ» ነው። ሌላው ደግሞ «መሬት ተከራይቶ ይረስ» ነው። በግ ማደለብ ክፉ አይደለም፤ ግን ለእሱ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ አያስፈልግም፣ የባሶና ወራና ገበሬ ከማንም በላይ ያውቅበታል። ተከራይቶ ማረሱም ቢሆን መነሻ ገንዘብ ለሌለው ልጅ፣ በተበጣጠሰ ማሳ ላይ፣ ኪራዩን እንኳ መመለሱ ያጠራጥራል። እኔ የማየው ሥራ ሌላ ነው። በየዓመቱ ታህሳስ ሲገባ ወንበሩ ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ፣ ወንበሩ ባዶ በመሆኑም ሁላችንም ገንዘብ እናጣለን።

ሥራው በገበሬው አውድማና በብቅል ፋብሪካው በር መካከል የሚቆም፣ ገብሱን የሚያውቅ ሰው ነው።

መጀመሪያ ለምን ደብረ ብርሃን እንዳልኩ ላስረዳ። ከተማዋ ውስጥ ዳሽንና ሐበሻ ቢራ ያመርታሉ። የቤልጂጉ ቦርትማልት ደግሞ እዚያው ደብረ ብርሃን በዓመት 60,000 ቶን ብቅል ማምረት የሚችል ፋብሪካ ተክሏል። የፈረንሳዩ ሱፍሌ በቦሌ ለሚ ተመሳሳይ አቅም ያለው አለው፣ የአሰላውም አለ። አንድ ቶን ብቅል ለማውጣት በግምት አንድ ቶን ከሩብ ገብስ ይፈልጋል። ስለዚህ የደብረ ብርሃኑ ፋብሪካ ብቻ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ በዓመት ወደ 750,000 ኩንታል የቢራ ገብስ ይበላል ማለት ነው። ያን ሁሉ ገብስ የሚፈልግ ፋብሪካ አጠገባችን ቆሞ፣ ከአንጎለላና ጠራ፣ ከባሶና ወራና፣ ከአንኮበር ደጋ የሚጫነው ገብስ በር ላይ እየተመለሰ በምግብ ገብስ ዋጋ ሲራገፍ ማየት ያበሳጫል። የሚመለሰው ሁሉ መጥፎ ገብስ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው። አይደለም እኮ!

አንድ ጭነት እንውሰድ። ባለፈው ዓመት በቅርብ የተከታተልኩት ነው። ከጎረቤላ ወዲህ ካሉ ቀበሌዎች የተሰበሰበ፣ ሆልከር የሚባለው ዝርያ፣ 100 ኩንታል። ታህሳስ መጀመሪያ ላይ ተወቅቶ ወደ መጋዘን ገባ። ናሙናው ለገዢ ሄደና መልስ መጣ፦ ከመቶ ፍሬ የበቀለው 71 ብቻ ነው፣ እርጥበቱም 13.8 በመቶ ነው፣ አንቀበልም። ብቅል ፋብሪካ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 95 እና ከዚያ በላይ እንዲበቅልለት ይፈልጋል። ምክንያቱን ጠላ የጠመቀች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ብቅል ለማብቀል የተዘፈዘፈው ገብስ ግማሹ በቅሎ ግማሹ ድፍን ሆኖ ከቀረ ጠላው አይሆንም። ፋብሪካውም ያንኑ ነው የሚለው፣ በላቦራቶሪ ቋንቋ።

ገበሬው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው «ገብሴ ሞቷል አሉኝ» አሉ። ነጋዴው ደግሞ መኪና አዙሮ ወደ ምግብ ገብስ ገበያ ሊያወርደው ተዘጋጅቷል። መጋዘኑ ውስጥ ለሦስት ወር በኮንትራት የተቀጠረች አንዲት ልጅ ነበረች፣ ተመራቂ ናት፣ ስሟን አልጠራም። «አልሞተም ጋሼ፣ ተኝቶ ይሆናል፤ ሦስት ቀን ስጡኝ» አለቻቸው። ሰዉ ሳቀ። ገብስ ይተኛል እንዴ?

ይተኛል። አዲስ የታጨደ ገብስ ወዲያው እንዳይበቅል ተፈጥሮ ራሷ ትቆልፈዋለች። ያ ባይሆን ኖሮ ገና ዛላው ላይ እያለ የመጀመሪያው ካፊያ ሲነካው ይበቅል ነበር። ይህ እንቅልፍ ፍሬው በሚጎመራበት ጊዜ አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ ይጠነክራል፣ ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ደግሞ ይላላል። እንግዲህ አስቡት፦ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,750 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ የአንኮበር ደጋ ከዚያም ይበልጣል። ጥቅምትና ህዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው። የእኛ ገብስ ከቆላማው ገብስ ይልቅ ረጅም ቢተኛ ምን ይገርማል? ታህሳስ መጀመሪያ ላይ ተለክቶ «አይበቅልም» የተባለው ገብስ የካቲት ላይ ሊበቅል ይችላል። የሞተ ገብስ ግን የካቲትም ሰኔም አይበቅልም። ጨዋታው ያለው ሁለቱን በታህሳስ ለይቶ ማወቁ ላይ ነው።

ልጅቱ ያደረገችው ይህን ነው። በጆንያ መውጊያ ብረት ከጭነቱ ከየአሥረኛው ጆንያ፣ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ናሙና አወጣች፣ አንድ ላይ ቀላቀለች። ከዚያ ተራውን የማብቀል ፈተና ደገመችው፦ በጠፍጣፋ ክዳን ባለው ሳህን ውስጥ ሁለት ማጣሪያ ወረቀት፣ 4 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 100 ፍሬ፣ ሦስት ቀን። ውጤቱ ከገዢው ጋር ተቀራረበ፣ 70 ገደማ። ጎን ለጎን ደግሞ ከፋርማሲ የተገዛ ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ወሰደች፣ አንዱን እጅ በሦስት እጅ ንጹሕ ውሃ አቀጠነችው። ይህ 0.75 በመቶ ይሰጣል። 200 ፍሬ ዘፈዘፈችበት፣ በሁለተኛው ቀን ውህዱን ቀየረችው፣ በሦስተኛው ቀን ቆጠረች። ፐርኦክሳይዱ የተኛውን ፍሬ ይቀሰቅሳል፣ የሞተውን ግን አያስነሳም። ከ200ው 194 ሥር አወጣ፣ ማለትም 97 በመቶ። ገብሱ ሕያው ነው፣ የተቆለፈ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላክል፣ የሚሞክሩት ስላሉ። ፈተናው ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን መጋዘን ውስጥ በታህሳስ ሌሊት ያን አታገኙም። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን ያደረ ገብስ በቂ ሥር ሳያወጣ ይቀርና ጤነኛውን «ሞቷል» ትሉታላችሁ። ልጅቱ ካርቶን ውስጥ አምፖል አብርታ ቴርሞሜትር ሰቅላ ነው የሠራችው። ውድ ነገር አይደለም፣ ማወቁ ነው እንጂ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ትዕግሥት ሆነ። እርጥበቱን ለማውረድ ገብሱ ሁለት ቀን ሸራ ላይ ተሰጣ፣ ማታ ማታ ጤዛ እንዳይመታው እየተሸፈነ። 12 በመቶ ሲደርስ ተመልሶ ጆንያ ገባ፣ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ተደረደረ። ይህ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። እርጥብ ገብስ አከማችተህ «እንቅልፉ እስኪለቀው እጠብቃለሁ» ካልክ እንቅልፉ ሳይሆን ነፍሱ ነው የሚለቀው፤ ይግላል፣ ይሻግታል፣ የሚበቅልበት ጫፍ ይጠቁራል። በሦስተኛው ሳምንት ተለካ፣ 88። በአምስተኛው ሳምንት ተለካ፣ 96። ያው ገዢ በቢራ ገብስ ዋጋ ተቀበለው።

እንቅልፉ ቶሎ እንዲለቀው ደረቁን ገብስ ሞቅ ወዳለ ቦታ ማውረድ ይቻላል። የብቅል ሰዎች ሆን ብለው ሞቃት መጋዘን ውስጥ የሚያሳድሩት ለዚህ ነው። አንዳንዱ ነጋዴ «ሸዋ ሮቢት ላውርደው?» ይለኛል። ይሠራል፣ ግን የነቀዙ አገር መሆኑን አትርሱ፣ የኪራዩንም መኪና። የደብረ ብርሃን ብርድ እንቅልፉን ቢያረዝምም ከነቀዝ ይጠብቃል። ለ100 ኩንታል ወርዶ መመለሱ አያዋጣም ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ፣ ይህ ቻናል የብር ቻናል ነው። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለስሌት የተመረጡ ክብ ቁጥሮች ናቸው፣ የዕለቱን ዋጋ ከጠዋቱ መልእክት ውሰዱ። የምግብ ገብስ በኩንታል 6,000 ብር፣ የቢራ ገብስ 6,800 ብር ነው እንበል። ታህሳስ ላይ ጭነቱ በምግብ ገብስ ቢራገፍ 600,000 ብር ይገኛል። የጠበቀ ሰው መጀመሪያ ሚዛን ያጣል፤ ከ13.8 ወደ 12 በመቶ የደረቀ 100 ኩንታል ወደ 98 ኩንታል ይወርዳል። ብዙ ሰው ይቺን ሁለት ኩንታል ሳያስባት ይቀርና «የት ሄደች?» ብሎ ከጥበቃው ጋር ይጣላል፤ በውሃነት ሄዳ ነው። 98 ኩንታል በ6,800 ሲሸጥ 666,400 ብር ነው። ከዚህ ላይ በ600,000 ብር የአምስት ሳምንት ወለድ፣ በዓመት 18 በመቶ ብንይዘው፣ 10,400 ብር ገደማ ይቀነሳል። ለማስጣት፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለመጋዘን 9,000 ብር ይውጣ። የሚተርፈው 47,000 ብር ነው። ከአንድ መኪና። ልጅቱ ለጠቅላላው የሦስት ወር ኮንትራቷ የተከፈላት ከዚህ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ሐቀኛ እንሁን። በአንዳንድ ዓመት የምግብ ገብስ ዋጋ ከቢራ ገብስ በልጦ ያድራል። ያኔ ስሌቱ ይገለበጣል፣ መጠበቁም ሞኝነት ይሆናል። ልጅቱ «ሕያው ነው» ስትል «ጠብቁ» ማለቷ አይደለም፤ ምን እንደያዛችሁ እየነገረቻችሁ ነው። መሸጥና መጠበቁን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ ግን የምትወስኑት ዓይናችሁን ገልጣችሁ ነው።

ፐርኦክሳይዱም ላይ የሞተ ሆኖ ከተገኘስ? ያኔ ጥያቄው «ማን ገደለው?» ይሆናል፣ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ፍሬው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጫፉ የተሰበረ፣ ገለባው የተላጠ ፍሬ ከበዛ መውቂያ ማሽኑ ከመጠን በላይ ፈጥኖ ዞሯል ማለት ነው። የኪራይ ማሽን ባለቤት የሚከፈለው በኩንታል ስለሆነ ማፍጠኑ ይጠቅመዋል፣ ገብሱ ቢሰበር እሱ ምን ገዶት። ሥሩ ብቅ ብሎ የደረቀ ፍሬ ከታየ ነዶው ክምር ላይ እያለ ዝናብ መቶታል። ጫፉ ጠቁሮ የሻገተ ሽታ ካለው ደግሞ ጥፋቱ የመጋዘን ነው። የበሬ ውቂያ ፍሬ አይሰብርም፣ ግን አፈርና እበት ይጨምራል፣ ያም በራሱ ያስቀንሳል። ይህን በእጅ መዳፍ ላይ ዘርግቶ የሚያነብ ሰው ለሚቀጥለው ዓመት ጥፋቱን ከምንጩ ያስተካክላል። የማያነብ ሰው ገበሬውን ይሰድባል።

ሁለተኛው ነገር ፕሮቲን ነው። የመብቀል ጉዳይ ታህሳስ ላይ ሊታከም ይችላል፣ ፕሮቲን ግን ታህሳስ ላይ ምንም አይደረግለትም፤ የሚወሰነው ሐምሌ ላይ ማሳው ውስጥ ነው። ብቅል ፋብሪካ ፕሮቲኑ ከ9 እስከ 11.5 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ይመርጣል። ፕሮቲን ሲበዛ ስታርቹ ያንሳል፣ ከብቅሉ የሚወጣው ነገር ይቀንሳል፣ ቢራውም ይደፈርሳል። ከመጠን በላይ ሲያንስ ደግሞ እርሾው ይራባል፣ አረፋውም አይቆምም። ስንዴ ላይ ፕሮቲን ጌጥ ነው፣ የቢራ ገብስ ላይ ሲያልፍ ጥፋት ነው። ችግሩ ያው ገበሬ፣ ያው ማሳ፣ ያው ዩሪያ ነው። በክላስተር ስንዴ የለመደ ገበሬ የስንዴውን ዩሪያ ለገብሱም ይሰጠዋል፣ ያውም ዘግይቶ፣ ዛላው ሊወጣ ሲል። ዘግይቶ የተጨመረ ዩሪያ ምርቱን ብዙ አያሳድገውም፣ ፕሮቲኑን ግን ከፍ ያደርገዋል። አምና ባቄላ የነበረበት ማሳ ደግሞ ራሱ ናይትሮጅን ይዞ ስለሚቆይ ከሌላው ያነሰ ነው የሚፈልገው።

በዓይን አይታይም ይሄ። ገብሱ ያማረ፣ የደለበ ይመስላል፣ በር ላይ ማሽኑ 13 ይላል፣ ይመለሳል። አንዳንዴ ፍንጭ አለ፦ ውርጭ ወይ የዝናብ ቶሎ መቆም የመታው ማሳ ፍሬው ይቀጥናል፣ በቀጠነ ፍሬ ውስጥ ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ይገኛል። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ላይ ናሙናውን ነፍታችሁ የሚያልፈው ከበዛ ጥርጣሬ ይግባችሁ። ግን ዋናው መድኃኒት የትኛው ገበሬ፣ የትኛው ማሳ ላይ፣ አምና ምን ዘርቶ፣ ዘንድሮ መቼና ስንት ዩሪያ እንደሰጠ የሚመዘግብ ሰው ነው። ያ መዝገብ ካለ ታህሳስ ላይ የባቄላ ማሳውን ገብስ ከሌላው ለይታችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ አንዱ ሌላውን ይዞት እንዳይወድቅ። መዝገብ ከሌለ ሁሉም አንድ ክምር ውስጥ ይገባል፣ ሁሉም አንድ ላይ ይመለሳል።

አንኮበር ላይ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ለየት ያለ ነው። የአንኮበር ገብስ ሁሉ ወደ ብቅል ይሂድ የሚል ሰው አንኮበርን አያውቃትም። ደጋው በበልግ ያርሳል፣ የበልጉ ገብስ የሚደርሰው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ በዝናብ የሚታጨድና የሚከመር ገብስ ለብቅል ማሰቡ ድካም ነው። ደግሞም ብዙው ማሳ የአገር ዘር ነው፣ ቅልቅል ነው። ቅልቅልነቱ ለገበሬው ዋስትና ነው፣ አንዱ በውርጭ ቢመታ ሌላው ይተርፋል። ፋብሪካው ግን አንድ ላይ የሚጠጣ፣ አንድ ላይ የሚበቅል አንድ ዓይነት ፍሬ ነው የሚፈልገው። እንዲህ ያለውን ገብስ ለቆሎና ለበሶ የሚገዛ ጥሩ ገበያ አለው፤ ሰነፍ ቆሎማ በራሱ ዋጋ ነው የሚሸጠው። እና የተማረው ልጅ ጥቅሙ «ይህን አትንኩት፣ ለብቅል አይሆንም» ማለትም መቻሉ ነው። ያ ምክር መኪና ኪራይ ያድናል።

እንግዲህ «የሦስት ወር ሥራ ምን ሙያ ይሆናል?» የሚለኝ አለ። ሦስት ወር ያደረግነው እኛ ነን። ገብሱ ራሱ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አለው። ግንቦት ላይ ዘሩ ይመረመራል፣ ንጹሕ ሆልከር ነው ወይስ ገበያ ላይ የተቀላቀለ። ሐምሌ ላይ ዩሪያው፣ በጥቁር አፈር ማሳ ላይ ደግሞ ውሃ እንዳይተኛበት ማንጠፍጠፉ። መስከረም ላይ ዛላ ሲወጣ ማሳ ውስጥ ገብቶ ባዕዱን ዘር መንቀል። ህዳር ላይ የመውቂያውን ፍጥነት መቆጣጠር። ከታህሳስ እስከ የካቲት ናሙና፣ እርጥበት፣ ማብቀል፣ መጠበቅ። መጋቢትና ሚያዝያ የቀረውን ደግሞ እየለኩ መላክና ከገበሬው ጋር ሂሳብ መዝጋት። ይህን ሁለት ዓመት የሠራ ልጅ የራሱን ናሙና መመርመሪያ ከፍቶ ለአምስት ማኅበር ሊያገለግል ይችላል፤ ዕቃውም አንድ የእርጥበት መለኪያ፣ ሁለት ወንፊት፣ ሚዛን፣ መውጊያ ብረትና ሳህኖች ናቸው። መለኪያው ግን በየዓመቱ ከታመነ ላቦራቶሪ ጋር መመሳከር አለበት፣ አለዚያ ግማሽ በመቶ እየዋሸ ከሰው ያጣላል። ለማመሳከር ሩቅ መሄድም የለበትም፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም የግብርና ምርምር ማዕከሉም እዚያው ከተማው ውስጥ ናቸው።

ክፍያው ላይ ሐሳቤ ይህ ነው። መጠነኛ ቋሚ ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ በቢራ ገብስ ደረጃ ተቀባይነት ባገኘ ኩንታል ይከፈላት። 20 ብር በኩንታል ብንል፣ በዓመት 4,000 ኩንታል ያለፈላት ልጅ 80,000 ብር በተጨማሪ ታገኛለች፣ ማለትም ስሌቱ ላይ ባየነው ዓይነት ሁለት መኪና ብቻ ራሱን ይከፍላል። አዲስ አበባ ሄዳ በዲግሪዋ ቆጣሪ ገንዘብ ተቀባይ ከምትሆን እዚህ ትቀራለች።

ግን በኩንታል መክፈል ፈተና ያመጣል፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ውሸት ነው። ባለፈ ቁጥር የምትከፈል ከሆነ ሁሉን ለማሳለፍ ትፈልጋለች፣ የሚያሳልፍላትን ናሙና ትመርጣለች። በሌላ በኩል ደግሞ ነጋዴ ሻይ እየጋበዘ «የእኔን 12 በይው» የሚልበት አገር ነው። መፍትሔው አሮጌ ነው፦ ናሙናው ገበሬው ፊት ይወጣና ሦስት ቦታ ይከፈላል፣ አንዱ ታሽጎ ለገበሬው ወይ ለማኅበሩ፣ አንዱ ለመጋዘኑ፣ አንዱ ለገዢው። ክፍያዋ በእሷ ፈተና ሳይሆን በፋብሪካው ቅበላ ይሁን። የእሷ ቁጥርና የፋብሪካው ቁጥር በተደጋጋሚ ከተራራቀ ወይ መለኪያው ወይ እጅ ተበላሽቷል ማለት ነው፣ የታሸገው ናሙና ይፈርዳል። ይህ ለገበሬውም መከላከያ ነው፣ ፋብሪካ በር ላይ የተባለውን ቁጥር ዝም ብሎ ከመቀበል። በ2015 ዓ.ም የግብርና ምርት ውል አዋጅ ወጥቷል። ውል ስትፈራረሙ የናሙናውን አወጣጥና የድጋሚ ፈተና መብት እዚያው አስጽፉ፣ በተለይ «በመጀመሪያ ፈተና በመተኛት የወደቀ ጭነት እስከዚህ ቀን ድረስ ደግሞ ይቀርባል» የሚለውን አንቀጽ።

ሥራው የማይሠራበትም ጊዜ አለ። መንገድ ሲዘጋ፣ ጸጥታው ሲበላሽ፣ የተሰጣውም የተለካውም ገብስ መጋዘን ውስጥ ይቀራል፣ ወለዱም ይቆጥራል። ገዢው አንድ ብቻ በሆነበት አካባቢ ደግሞ የጥራት ጭማሪው ለሻጩ የሚደርሰው ገዢው ሲፈልግ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ መጀመር ያለባቸው ቢያንስ ሁለት ገዢ ጋ መድረስ የሚችሉ ዩኒየኖች ናቸው እንጂ አንዲት መሠረታዊ ማኅበር ብቻዋን አይደለችም።

የዩኒየን ሥራ አስኪያጆች፣ አንድ ነገር ብቻ ፈትሹልኝ። አምና በር ላይ «አይበቅልም» ተብለው ከተመለሱላችሁ ጭነቶች ውስጥ ስንቶቹ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግመው ተለኩ? መዝገብ ካላችሁ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ስም ሳልጠራ ደምሬ ከሚቀጥለው የገብስ ዋጋ ጋር እለጥፈዋለሁ። መዝገብ ከሌላችሁም እሱኑ ጻፉልኝ።